የአትክልት መደብ ጉዝጓዝ፦ መቼ፣ በምን ያህል ውፍረት፣ ለየትኛው አትክልት ምን

ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንግባባ። ጉዝጓዝ የሚያቆየው አፈሩ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ውሃ ነው። አፈሩ ደርቆ ሳለ ገለባ ካለበሳችሁት ድርቀቱንም እንዳለ ያቆይላችኋል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ካፊያ ገለባውን ብቻ አርሶ እዚያው ተንኖ ይቀራል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም። «ጉዝጓዝ ሞክሬ ነበር፣ ምንም አልጠቀመኝም» ያሉኝን ሰዎች እንዴት እንዳለበሱ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ ደረቅ መደብ ላይ ገለባ በትነው ከላይ ትንሽ ውሃ ረጩበት፣ አለቀ።

ስለዚህ ከቁሱ በፊት ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይሻላል። አንድ የቲማቲም መደብ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራው። ከዚያ ለሌሎቹ አትክልቶች ምን እንደሚቀየር አወራለሁ።

መደቡ

ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፤ ማለትም 6 ካሬ ሜትር። በሁለት ረድፍ 20 የቲማቲም ችግኝ ተተክሎበታል፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። የምናለብሰው የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ ነው። የሩዝም ይሆናል። ድርቆሽ ግን ከገለባ ለዩት። ድርቆሽ ከነዘሩ የታጨደ ሳር ስለሆነ አረም ልታጠፉ ብላችሁ አረም መዝራት ይሆንባችኋል። ገለባም ቢሆን ከውቂያ የተረፈ ፍሬ አይጠፋውም፣ ነገር ግን የበቀለው የስንዴ ቡቃያ በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል።

መጀመሪያ ጠብቁ

ችግኙን በተከላችሁበት ቀን አታልብሱ። ገለባ የፀሐይን ሙቀት ከአፈሩ ይከለክላል፣ ቲማቲም ደግሞ ሥሩን የሚዘረጋው ሞቅ ባለ አፈር ነው። ቀዝቃዛ አፈር ላይ ቶሎ ያለበሳችሁት ችግኝ አይሞትም፤ ግን ባለበት ይቆማል፣ ቅጠሉም ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጧት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አስገብታችሁ ለኩ፤ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ማልበስ ትችላላችሁ። ከሌላችሁ ችግኙን እዩት። አዲስ ቅጠል ማውጣት ጀምሮ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ሥሩ ይዟል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ከተከላ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል። አገሩ ሞቃት ከሆነና አፈሩ ቀን ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ችግኙ እንደያዘ ማልበሱ ነው የሚያዋጣው።

አረሙን ንቀሉ፣ ግን ለይታችሁ

ገለባ አረምን የሚያሸንፈው ብርሃን በመከልከል ነው። ከዘር የሚነሳ አረም ሁለት ቦታ ይሸነፋል። ብዙዎቹ ጥቃቅን ዘሮች ብርሃን ካላገኙ አይበቅሉም። የበቀለውም ቢሆን ዘሩ ውስጥ ያለችው ስንቅ ትንሽ ናት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ አልፎ ብርሃን ሳያገኝ ስንቁ ያልቅበታል።

ሰርዶና እንግጫ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነዚህ ከመሬት በታች ባለው ግንዳቸውና በኮረታቸው ብዙ ስንቅ ስላላቸው ገለባውን በቀላሉ ሰንጥቀው ይወጣሉ፣ እንግጫማ ጥቁር ፕላስቲክም ይበሳል። እነሱን ከማልበሳችሁ በፊት በመቆፈሪያ አላልታችሁ ከነሥራቸው ልቀሙ። አንድ ጣት የምታክል ቁራጭ ከቀረች ከገለባው ሥር እርጥበት አግኝታ ደስ ብሏት ትዘረጋለች፣ ስታዩአት ደግሞ መደቡን አዳርሳለች። ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን ቢወስድባችሁም አትቆጩ።

ኮምፖስት ከሥር

ገለባ በካርቦን የበለጸገ፣ በናይትሮጅን የደኸየ ነገር ነው። ሲበሰብስ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅን ከአካባቢያቸው ይወስዳሉ። ላይ ላዩን እስከተቀመጠ ድረስ የሚወስዱት ከሚነኩት ስስ የአፈር ገጽ ስለሆነ ቲማቲሙን ብዙም አይጎዳውም። ችግሩ የሚመጣው ገለባውን ከአፈሩ ጋር ደባልቃችሁ ስትቆፍሩት ነው። ለማንኛውም 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት አስቀድማችሁ ብታነጥፉ ይህ ሐሳብ አያስፈልጋችሁም። ለመደባችን ይህ 150 ሊትር ያህል ነው፣ ሁለት ሙሉ የእጅ ጋሪ።

ውሃ፣ እስኪጠግብ

አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢፈስ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። እኛ 25 ሚሊ ሜትር ያህል እንፈልጋለን፤ ለ6 ካሬ ሜትር 150 ሊትር ይመጣል፣ 15 ባለ 10 ሊትር ውሃ ማጠጫ። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንዴ ነው። በአንድ ጊዜ አታፍሱት። ግማሹን አጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ቀሪውን ጨምሩ። የደረቀ አፈር መጀመሪያ ላይ ውሃውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል።

በማግስቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዩ። መካከለኛ አፈር ከሆነ እርጥበቱ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ማግኘት አለባችሁ። ከዚያ ጥልቀት የወሰዳችሁት እፍኝ አፈር ሲጨመቅ ኳስ ይሠራል፣ በጣት ሲነኩት ደግሞ ይፈረካከሳል፤ ይህ ነው ልኩ። ሲጨመቅ ውሃ ካንጠባጠበ ሁለት ቀን ቆዩ። ሸክላማ አፈር ያላችሁ በተለይ ይህን አትዝለሉ፣ ጭቃ ላይ ገለባ ማልበስ ሥሩን አየር ያሳጣዋል።

የጠብታ መስኖ ካላችሁ ቱቦው ከገለባው ሥር ነው የሚሄደው። ከመሸፈናችሁ በፊት ክፈቱትና እያንዳንዱ ቀዳዳ መሥራቱን ተመልከቱ፣ በኋላ የተደፈነ ቀዳዳ የምታውቁት ችግኙ ሲጠወልግ ነው።

አሁን ገለባውን

ታስሮ የመጣ ገለባ ከሆነ በእጃችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት። ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ የተቀመጠ ገለባ ዝናብ አያሳልፍም፣ በየመገጣጠሚያው ደግሞ ብርሃን ያስገባል። የላላው ገለባ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለመደባችን 600 ሊትር፣ 100 ሊትር በሚይዝ ጆንያ ሳትጠቀጥቁ 6 ጆንያ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተኝቶ ወደ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው። መጀመሪያውኑ 5 ብቻ ካደረጋችሁት ሲተኛ አፈሩ ይታያል፣ አረሙም ይወጣል።

ከግንዱ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ግንድ ይበሰብሳል፣ ቆራጭ ትልም እዚያው ተደብቆ ያድራል። አሰራሩ ቀላል ነው፤ መሃሉን በሹካ ወይም በእቅፍ በትኑና ችግኙ ዙሪያ ሲደርስ በእጅ አስተካክሉ።

ለቲማቲም ከውሃና ከአረም ሌላ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ቅጠሉን የሚያነቁጡ የፈንገስ በሽታዎች ካለፈው ዓመት ቅሪት ጋር አፈር ውስጥ ያድራሉ፣ ዝናብ ወይም የማጠጫው ውሃ አፈሩን ሲመታ ከጭቃው ጋር እየተፈናጠሩ ታችኛው ቅጠል ላይ ያርፋሉ። ገለባው ይህንን ፍንጣሪ ያስቀራል። በሽታውን ጨርሶ አያጠፋም፣ ያዘገየዋል። ለእኔ ይህ ብቻውን ለቲማቲም ገለባ ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ካለበሳችሁ በኋላ

አጠጣጣችሁ መለወጥ አለበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ገለባውን ነው የሚያጠጣው። ቀኑን አራርቃችሁ፣ ግን በደንብ፣ ግንዱ አጠገብ ዝቅ ብላችሁ አጠጡ። መቼ እንደሆነ ለማወቅ ላዩን አትመልከቱ፤ ገለባው ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ገለባውን ገልጣችሁ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ዛሬ ውሃ አያስፈልግም።

ልዩነቱን በራሳችሁ አፈር ማየት ከፈለጋችሁ ከመደቡ ጫፍ አንድ ሜትር ሳታለብሱ ተዉ። ሁሉንም እኩል አጠጡ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ያልለበሰው ቦታ ላይኛው አፈር ነጣ ብሎ ይፈረፈራል፣ የለበሰው ገና ጠቆር ያለ ነው። በየስንት ቀኑ እንደምታጠጡ ከዚህ ትወስናላችሁ፣ ምክንያቱም አሸዋማና ሸክላማ አፈር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

ታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ፣ ገለባውን ስትገልጡ ደግሞ የጎመዘዘ ሽታ ካለ ውሃው በዝቷል። ገለባውን ወደ ጎን ሰብስቡና አፈሩ ለጥቂት ቀን አየር ያግኝ። በሌላ በኩል አፈሩ በገለባው መሃል መታየት ከጀመረ፣ ይህም ከወር ወይም ከወር ተኩል በኋላ ነው፣ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

ሌሎቹ ቁሶች

የታጨደ አረንጓዴ ሳር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከማጨጃው እንደወጣ ቃሪያ መደብ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመርኩት። በሁለተኛው ቀን እጄን ሳስገባ ይፋጃል። በሳምንቱ የሚያዳልጥ፣ የሚሸት ንጣፍ ሆኖ ተጣበቀ፣ ውሃም አላሳልፍ አለ፣ የነካቸው ግንዶች ቡናማ ሆኑ። ሳሩ ጥሩ ቁስ ነው፤ ናይትሮጅን አለው፣ ለአፈሩም ምግብ ነው። ግን አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተበትኖ ይድረቅ፣ ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ እሱ ሲሟሽሽ ደግሞ ሌላ 2። ዘር የያዘ ሳር አትጠቀሙ።

ደረቅ ቅጠል ሙሉውን ከተነጠፈ እርስ በርሱ ይደራረብና እንደ ጣሪያ ውሃ ያፈሳል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ሰባብሩትና ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፣ ወዲያው አርጥቡት። ኮምፖስት ራሱ ጉዝጓዝ መሆን ይችላል፤ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፣ ለትንንሽ ችግኝ የሚመቸውም እሱ ነው። አረም ግን እንደ ገለባ አይከለክልም፣ በነፋስ የመጣ ዘር ላዩ ላይ ይበቅላል። ሰጋቱራና የእንጨት ፍልጥፍላጭ ለመተላለፊያው መንገድ ቢሆኑ እመርጣለሁ። በየወቅቱ የሚቆፈር መደብ ላይ ከአፈሩ ጋር መደባለቃቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ ናይትሮጅኑን ይሻሙታል። በመንገዱ ላይ ከሥራቸው ካርቶን አንጥፉ፤ ፕላስተሩንና የሚያብረቀርቀውን አውልቁ፣ ጠርዞቹን በ15 ሴንቲ ሜትር አደራርቡ፣ ሳታለብሱት በፊት ውሃ አጠጥታችሁ አለስልሱት።

ጥቁር ፕላስቲክ ከሁሉም የሚለየው አፈሩን የሚያሞቅ በመሆኑ ነው። ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ካልተወጠረ ግን ሙቀቱ አይተላለፍም። ዝናብም ስለማያሳልፍ ከሥሩ የጠብታ ቱቦ ከሌለ አትጀምሩት። ሲቀዳደድ ቁርጥራጩ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ በወቅቱ ማብቂያ ሳይበጣጠስ መነሳት አለበት።

ለየትኛው አትክልት የትኛው

እኔ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው ተክሉ ሞቃት አፈር ይወዳል ወይስ ቀዝቃዛ፣ ቁመቱስ ጉዝጓዙን ይችላል ወይ፣ የምንበላው ክፍል አፈር ውስጥ ነው ወይስ ከላይ የሚለውን ነው።

ጥቅል ጎመንና የአበባ ጎመን ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ይወዳሉ፣ ገለባ ቶሎ ብታለብሷቸው ደስ ይላቸዋል። ቃሪያ በተቃራኒው ሙቀት ወዳጅ ስለሆነ ከቲማቲምም በላይ ጠብቁት፣ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ከሆናችሁ ጥቁር ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ዱባ፣ ዝኩኒና ኪያርም ሙቀት ይፈልጋሉ፤ አፈሩ ከሞቀ በኋላ ወፍራም ገለባ ይሁንላቸው፣ ምክንያቱም ፍሬው እርጥብ አፈር ላይ ሲተኛ ከሥሩ ይበሰብሳል።

ሰላጣ አጭር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ ይውጠዋል፣ ዛጎል ያለውም የሌለውም ቀንድ አውጣ ደግሞ ከገለባው ሥር ቤቱን ይሠራል፣ ማታ ወጥቶ ይበላዋል። ለሰላጣ ኮምፖስት ወይም የደረቀ ስስ ሳር ይሻላል። ካሮት በቀጥታ የሚዘራ ስለሆነ እስኪበቅልና እስኪሳሳ ድረስ ምንም አታልብሱ፤ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በረድፎቹ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ ሳር ወይም ኮምፖስት በትኑ። የካሮቱ ትከሻ ሲወጣ እንዲሸፈን አድርጉ፣ ብርሃን ካየ አረንጓዴ ሆኖ ይመራል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ዘመድ ቢሆኑም እዚህ ላይ ይለያያሉ። ነጭ ሽንኩርት እንደተተከለ 10 ሴንቲ ሜትር ገለባ ቢለብስ ቡቃያው በስቶ ይወጣል። ቀይ ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ አፈሩን አያጠላም፣ ሥሩም ላይ ላዩን ነው፣ ስለዚህ አረምንም ድርቀትንም አይችልም፤ ጉዝጓዝ የግድ ያስፈልገዋል፣ ግን ስስ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ኮረቱ ማበጥ ሲያቆምና ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ደግሞ ገለባውን ከላዩ አንሱለት። አንገቱ እርጥብ ሆኖ ከደረሰ ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል።

ድንች ከሁሉም ወፍራሙን የሚፈልግ ነው። ቡቃያው 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጀምራችሁ እየጨመራችሁ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። እዚህ ስስ ገለባ አደጋ አለው፤ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ ሶላኒን የተባለ መርዝ መኖሩን ይጠቁማል፣ አይበላም። ስኳር ድንች ግን ሐረጉ ራሱ መሬቱን ስለሚሸፍን እስኪዘረጋ ድረስ አረሙን መኮትኮት ይበቃዋል።

ያልተነገረው የገለባ ችግር

አንዳንድ የእርሻ ፀረ አረም መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ፣ ሳርና እህልን ሳይነኩ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ይገድላሉ። በገለባው፣ በድርቆሹ፣ ድርቆሹን በበላው ከብት ፍግ ሳይቀር ለወራት ይቆያሉ። ቲማቲም፣ ባቄላና ሰላጣ ደግሞ በጥቂቱም ይጎዳሉ። ከየት እንደመጣ የማታውቁት ገለባ ሲሆን ሻጩን ምን እንደተረጨበት ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ሞክሩት። ገለባውን በመቀስ አድቅቃችሁ ከንጹሕ አፈር ጋር በሦስት ጣሳ ደባልቁ፣ ሌላ ሦስት ጣሳ ላይ ያንኑ አፈር ብቻውን አድርጉ። በየጣሳው ሦስት ሦስት የቦሎቄ ፍሬ ዝሩና ሦስት ሳምንት ተከታተሉ። ገለባ ያለባቸው ላይ ብቻ አዲሱ ቅጠል እንደ ኩባያ ከታጠፈ፣ ከጠበበ ወይም ግንዱ ከተጠማዘዘ ያንን ገለባ መደብ አታስጠጉት። ቢጫ መሆን ብቻውን ግን ምልክቱ አይደለም። ያ ቀደም ብዬ ያልኩት የናይትሮጅን ሽሚያ ሊሆን ይችላል።

ምስጥ ባለበት ቦታ ደረቅ ገለባና እንጨት ይጠራዋል። እዚያ ስስ ኮምፖስት ይሻላል፣ ገለባም ካለበሳችሁ በየሳምንቱ እየገለጣችሁ እዩ፤ የጭቃ መሿለኪያ ካያችሁ ገለባውን አንሱ።

ወቅቱ ሲያልቅ

ቲማቲሙ ጤነኛ ከነበረ ግንዱን ከመሬት እኩል ቆርጣችሁ ሥሩን እዚያው ተዉት፣ ገለባውንም አትቆፍሩት። ለቀጣዩ ተከላ ገለጥ እያደረጋችሁ ችግኙን ማስገባት ትችላላችሁ። ዘር የምትዘሩ ከሆነ ግን ወደ ጎን ሰብስባችሁ አፈሩ ፀሐይ ይምታው፣ ቡቃያው ከወጣ በኋላ ትመልሱታላችሁ። ቅጠሉ በበሽታ ተነቁጦ ከነበረ የታችኛው ቅሪት ገለባው ውስጥ ተደባልቋል፤ ያንን ሰብስባችሁ ከመደቡ አውጡ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ እዚያ ቦታ ቲማቲምም ድንችም አትትከሉ።